ትምህርታዊ ካሮሴል ሲለጠፍ፦ ካፕሽኑ ውስጥ የሚገቡ ቁልፍ ቃላትና ሃሽታጎች አመራረጥ

አንድ ጥሩ ትምህርታዊ ካሮሴል ሠርታችሁ ከፎሎወሮቻችሁ ውጭ ማንም ካላየው፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ላይ አይደለም። ካፕሽኑ ላይ ነው። ፈላጊው አንድ ቃል ይጽፋል፣ እናንተ ሌላ ቃል ጽፋችኋል፣ ሁለታችሁ ሳትገናኙ ትቀራላችሁ።

እዚህ የምናየው ኢንስታግራምን ነው። አንድ ካሮሴል እንውሰድና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንሥራው። ርዕሱ የክፍልፋይ መደመር ነው፤ በተለይ የታችኛው ቁጥር ሲለያይ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ሰባት ስላይድ አለው እንበል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ሃሽታግ ድሮ የነበረው ጉልበት ዛሬ የለውም። ሰዎች ሃሽታግን እንደ አካውንት ፎሎው ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ኢንስታግራም ይህን በታኅሣሥ 2024 አነሣው። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪም ሃሽታግ ብቻውን ተመልካች እንደማያበዛ ደጋግሞ ተናግሯል። ሃሽታግ ፖስቱ ስለ ምን እንደሆነ ያመለክታል፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ተራው የካፕሽን ጽሑፍ ነው። ሃሽታጉን መጨረሻ ላይ እንመርጣለን።

1. መጀመሪያ የፈላጊውን ጥያቄ ጻፉ

ካፕሽን ከመጀመራችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ይህን ትምህርት የሚፈልግ ሰው ሰርች ላይ ምን ብሎ ይጽፋል?

አስተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪ «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮች ድምር» ብሎ ያስባል። ትክክል ነው፤ መጽሐፉም እንዲሁ ይላል። ግን «ታህት» የሚለውን ቃል በደንብ የያዘ ተማሪ ምናልባት የናንተን ካሮሴል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ልጅ፣ ወይም ማታ የቤት ሥራ ስታሠራ ግራ የገባት እናት፣ የሚጽፉት «ክፍልፋይ እንዴት ይደመራል» ነው። ከዚያም ወረድ ብሎ «የታችኛው ቁጥር ሲለያይ» ይላሉ።

ይህን ቃል በግምት ማምጣት የለባችሁም። ሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ኢንስታግራም ሰርች ራሱ ነው፤ የቃሉን መጀመሪያ ጻፉና ከሥር ምን እንደሚዘረዝር እዩ። ግን ተጠንቀቁ፤ ሰርቹ የናንተን የቀድሞ እንቅስቃሴም ከግምት ስለሚያስገባ፣ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ የምታዩ ከሆነ ለናንተ የሚያወጣው ለሌላ ሰው ከሚያወጣው ይለያል። በሌላ ሰው ስልክም አንዴ ሞክሩት። ሁለተኛው ጉግልና ዩቲዩብ ላይ የሚወጣው የጥቆማ ዝርዝር ነው። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ኮሜንትና ኢንቦክስ ውስጥ የተጻፉላችሁ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ሳያሳምር፣ የገባውን ያህል ብቻ ይዞ የሚጠይቀው እዚያ ነው። ቃል በቃል ገልብጡት፤ አታርሙት።

ለኛ ካሮሴል የወጡት ቃላት እነዚህ ይሁኑ። ዋናው «ክፍልፋይ እንዴት ይደመራል»። ደጋፊዎቹ «የታችኛው ቁጥር»፣ «ታህት»፣ «ላዕል»፣ «ትንሹ የጋራ ብዜት»። የሚያጠናውን ሰው የሚለየው ደግሞ «የ5ኛ እና የ6ኛ ክፍል ሒሳብ»።

አንድ ዋና፣ ጥቂት ደጋፊ። አንድ ካሮሴል ሁለት ዋና ጥያቄ ካለው ሁለት ካሮሴል ነው ማለት ነው። መደመሩንም ማባዛቱንም አንድ ላይ ካጨቃችሁት ካፕሽኑ ለየትኛው እንደተጻፈ አይታወቅም።

2. የመጀመሪያውን መስመር ለጥያቄው ስጡት

ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ይይዛል። ፊድ ላይ ግን ሰው ሳይነካው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 125 ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው ተቆርጦ more ከሚለው ኋላ ይደበቃል። ከፈላጊው ጋር የምትገናኙት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ብዙ ትምህርታዊ ገጾች ያችን ቦታ እንዲህ ያባክኗታል፦

> ሰላም ውድ ቤተሰቦች! ዛሬ ደግሞ በጣም የምትወዱትን አሪፍ ነገር ይዘን መጥተናል፤ እስከ መጨረሻው ተከታተሉን!

ይህ መስመር የምግብ አሠራር ላይም፣ የመኪና ሽያጭ ላይም ቢለጠፍ ያው ነው። ስለ ክፍልፋይ አንድም ቃል የለውም። አሁን ደግሞ ይህን እዩት፦

> ክፍልፋይ እንዴት ይደመራል? የታችኛው ቁጥር ሲለያይ፣ ለምሳሌ 1/2 + 1/3፣ በ4 እርምጃ።

ዋናው ቁልፍ ቃል መጀመሪያ ላይ ነው። ጥያቄው በፈላጊው አፍ ነው የተጻፈው። ምሳሌው ደግሞ «ይኸው የኔ ችግር» እንዲል ያደርገዋል። ሰላምታ መስጠት የሚወድ ሰው መጨረሻው ላይ ይስጥ፤ ማንም አይቀየመውም።

ይህ መስመር ከኢንስታግራም ውጭም ይጠቅማል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የፕሮፌሽናል አካውንቶች ለሁሉም ክፍት የሆኑ ፖስቶች ጉግልን በመሳሰሉ መፈለጊያዎች ላይ መውጣት ይችላሉ። ጉግል ላይ የሚጻፈው ደግሞ ያው ጥያቄ ነው። አካውንታችሁ የግል ከሆነ፣ ወይም በሴቲንግ ውስጥ ይህን ፈቃድ ከዘጋችሁት ግን አይሠራም።

3. የቀረውን ካፕሽን ስላይዶቹን ተከትላችሁ ጻፉ

ደጋፊ ቃላቱን የት እናስገባቸው? በግድ መሰንቀር አያስፈልግም። ስላይዶቹ የሚሉትን በአጭሩ ከነገራችሁ ቃላቱ ራሳቸው ይመጣሉ። ስላይዱ ላይ በዲዛይን የተጻፈው ጽሑፍ ሥዕል ነው፤ የመተግበሪያው ማሽን ያነብልኛል ብላችሁ አትተማመኑበት። እንዲገኝላችሁ የምትፈልጉት ቃል ካፕሽኑ ውስጥ በፊደል ይኑር።

የኛ ካፕሽን እንዲህ ይቀጥላል፦

> ብዙ ተማሪ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ 2/5 ይላል። 2/5 ግን ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይመጣል? ስላይድ 2 ላይ በሥዕል አሳይተነዋል።
>
> የላይኛው ቁጥር ላዕል፣ የታችኛው ቁጥር ታህት ይባላል። ታህት ሲለያይ መጀመሪያ ትንሹ የጋራ ብዜት እንፈልጋለን። ለ2 እና ለ3 ይህ 6 ነው። ስለዚህ 1/2 = 3/6፣ 1/3 = 2/6 ይሆናል። ድምሩ 5/6።
>
> ክፍልፋይ መደመር ለሚያጠኑ የ5ኛ እና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ልጅ ለሚያስጠኑ ወላጆችም ይሆናል። ለፈተና ሰሞን ሴቭ አድርጉት።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተማሪው ቃልና የመጽሐፉ ቃል ጎን ለጎን ቆመዋል። «የታችኛው ቁጥር» ብሎ የመጣም ይገናኛል፣ «ታህት» ብሎ የመጣም ይገናኛል። ልጁም በዚያው መንገድ ስሙን ይማራል።

ሁለተኛው የአማርኛ ጣጣ ነው። ቃሎቻችን ከፊትም ከኋላም ይለጥፋሉ። «ክፍልፋይ» በቀላሉ «የክፍልፋዮችን» ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ ያው ቃል እንደሆነ ይገባዋል፤ ፊደል ከፊደል የሚያስተያይ ማሽን ግን ላይገባው ይችላል። ስለዚህ ዋናው ቃል ቢያንስ አንዴ ባዶውን፣ ምንም ሳይለጠፍበት ይጻፍ። ከላይ «ክፍልፋይ እንዴት ይደመራል» እና «ክፍልፋይ መደመር» ያልነው ለዚህ ነው። «የክፍልፋዮችን አደማመር» ብንል አማርኛው አይጎዳም ነበር፤ ፈላጊው ግን እንደዚያ አይጽፍም።

ስንት ጊዜ ይደገም? ካፕሽኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ክፍልፋይ፣ ክፍልፋይ፣ ክፍልፋይ» እያለ ጆሮ ከቆረጠ በዝቷል። ሁለት ሦስት ጊዜ በቂ ነው። ከካፕሽኑ ግርጌ ቃላትን በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ መጨረስ ደግሞ ያስጠላል፤ አንባቢ ሲያየው ማስታወቂያ ይመስለዋል።

4. ሞክሼ ፊደላትን አትርሱ

ሒሳብ ነው ወይስ ሂሳብ? ሥነ ልቦና ነው ወይስ ስነ ልቦና? ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሃሽታግ ላይ ልዩነቱ ፍጹም ነው። #ሒሳብ እና #ሂሳብ ሁለት የተለያዩ ገጾች ናቸው፤ አንዱ ላይ የተለጠፈ በሌላው አይታይም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በካፕሽኑ ጽሑፍ ውስጥ ትክክል የምትሉትን አጻጻፍ ያዙ፣ ወጥ አድርጋችሁም ጻፉበት። ሌላውን አጻጻፍ በሃሽታግ አስገቡት። ሰው እንዴት እንደሚጽፍ መፍረድ የናንተ ሥራ አይደለም፤ በሚጽፈው መንገድ መገኘት ነው የሚፈለገው። ጽሑፉ ውስጥ ሁለቱን እያቀላቀላችሁ ከጻፋችሁ ግን ፊደል የማይለይ አስተማሪ ትመስላላችሁ። ለትምህርት ገጽ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

5. አሁን ሃሽታግ፤ ከሦስት እስከ አምስት

ለዓመታት አንድ ፖስት እስከ 30 ሃሽታግ ይይዝ ነበር። ሰዉም ሰላሳውን ከስልኩ ኖት ላይ እየገለበጠ ይለጥፍ ነበር፤ ለሒሳቡም ለታሪኩም ያንኑ። ኢንስታግራም ራሱ በ2021 ለክሪኤተሮች የሰጠው ምክር ግን ከሦስት እስከ አምስት ተጠቀሙ የሚል ነው። እኔም ከአምስት በላይ የሚያስኬድ ምክንያት አይታየኝም። ሰላሳ ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

እያንዳንዱን ከመምረጣችሁ በፊት ሰርች ላይ ጽፋችሁ ገጹን ክፈቱ። የፖስቱን ብዛት ብቻ አትዩ። ፊት ለፊት የመጡትን ዘጠኝ አሥር ፖስቶች እዩና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የኔ ካሮሴል እነዚህ መሃል ቢቀመጥ ይመስላቸዋል? ለምሳሌ #education ን ብትከፍቱ የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የጥቅስ ፖስተር ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ። ክፍልፋይ የሚፈልግ ልጅ እዚያ ምን ያደርጋል? በሌላ ጫፍ ደግሞ እናንተ ብቻ የፈጠራችሁት፣ ማንም የማይጽፈው ረጅም ሃሽታግ አለ። ገጹ ባዶ ነው፤ ማንም አያልፍበትም። የምንፈልገው ከሁለቱ መሃል ነው።

በዚህ መንገድ ለካሮሴላችን ይህን እንወስዳለን፦

> #ክፍልፋይ #ሒሳብ #ሂሳብ #6ኛክፍል #fractions

#ክፍልፋይ ርዕሱን ራሱን ይይዛል። ሁለቱ የሒሳብ አጻጻፎች ትምህርቱን። #6ኛክፍል ማን እንዲያየው እንደተሠራ ይናገራል። የላቲኑ የገባው ደግሞ ብዙ ተማሪ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ስለሚማረው ወይም አማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው ነው። ካሮሴሉ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ከሆነና #fractions ሌላ አገር ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ብቻ የሚያመጣባችሁ ከሆነ አውጡት። አማርኛ የማያነብ ሰው አንድ ስላይድ አይቶ ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ካሮሴሉ የማይስብ ያስመስለዋል።

#viral፣ #explore፣ #fyp የሚሉትን ተዉአቸው። ስለ ፖስቱ የሚናገሩት ነገር የለም።

አጻጻፍ ላይ የሚያበላሹ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ወይም ሥርዓተ ነጥብ ሲያጋጥመው እዚያው ይቆረጣል። #ት/ቤት ብላችሁ ብትጽፉ የሚሠራው #ት ብቻ ነው። #ሥነ-ልቦናም #ሥነ ሆኖ ይቀራል። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እንዲሁ። ወይ አጣብቁት፣ #ትምህርትቤት ብላችሁ፣ ወይ በሥር መስመር አገናኙት፣ #ሥነ_ልቦና ብላችሁ። ቁጥር ከፊደል ጋር ሲጣበቅ ግን ይሠራል። ከለጠፋችሁ በኋላ ቀለሙ የተለወጠው እስከ የት እንደሆነ እዩ፤ ሊንክ የሆነው ያ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሃሽታግ ደግሞ ሌሎች አበላሽተውት ኢንስታግራም ውጤቱን ደብቆት ሊሆን ይችላል። ገጹን ስትከፍቱት ፖስቶች እንደተደበቁ የሚገልጽ መልእክት ወይም ባዶ ገጽ ካያችሁ አትንኩት፤ ስሙ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስል።

ቦታውስ? ካፕሽኑ ውስጥ፣ ከጽሑፉ በታች። አንዳንዱ ለውበት ብሎ የመጀመሪያ ኮሜንት ላይ ይጽፋል። ኢንስታግራም በ2021 ሰርቹ እንዴት እንደሚሠራ ሲያብራራ፣ ፖስት እንዲገኝ ቁልፍ ቃልና ሃሽታግ ኮሜንት ላይ ሳይሆን ካፕሽን ላይ ይሁን ብሏል። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ነው።

6. ከካፕሽኑ ውጭ ሁለት ቦታ

ከመለጠፋችሁ በፊት ባለው ገጽ፣ ተጨማሪ አማራጮች ውስጥ Alt text የሚል አለ። ለእያንዳንዱ ስላይድ ሥዕሉን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይቀበላል። ዋና ዓላማው ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በስክሪን አንባቢ እንዲነበብ ነው፤ ስለዚህ በቅንነት ጻፉት፦ «አንድ ክብ ለሁለት፣ ሌላ ክብ ለሦስት ተከፍሎ፤ 1/2 እና 1/3 የክፍልፋይ ሥዕል»። ቁልፍ ቃሉ ገባ፣ ሰውየውም ሥዕሉን አወቀው። ቃላት መደርደሪያ አታድርጉት።

ሁለተኛው ፕሮፋይል ላይ ያለው የስም ቦታ ነው። ስም ሰርች ላይ ይፈለጋል። እዚያ ላይ የገጹ ስም ብቻ ካለ፣ ጎኑ «ሒሳብ በአማርኛ» ብላችሁ ጨምሩበት። ይህን አንዴ ብቻ ነው የምትሠሩት።

7. ሠራ ወይስ አልሠራም?

በለጠፋችሁ ማግሥት አትመዝኑ። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር በአብዛኛው የፎሎወሮቻችሁ ነው። ትምህርታዊ ካሮሴል በሰርች የሚገኘው ቀስ እያለ ስለሆነ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ኢንሳይት ክፈቱ። ሁለት ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፦ ፎሎወር ካልሆኑ ሰዎች የመጣው እይታ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው፣ እና ስንት ሰው ሴቭ እንዳደረገው።

ሁለቱን አጣምራችሁ አንብቡ። ፎሎወር ያልሆነው ድርሻ ትንሽ፣ ሴቭ ግን ጥሩ ከሆነ፣ ትምህርቱ ደህና ነው፤ ሰው አላገኘውም። ወደ እርምጃ 1 ተመለሱና የመጀመሪያውን መስመር ቀይሩ። ድርሻው ትልቅ ሆኖ ሴቭ ከሌለ ደግሞ፣ ቃሎቻችሁ የማይመለከተውን ሰው እየጠሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በጣም ሰፊ ሃሽታግ ነው፤ ወይም የመጀመሪያው ስላይድ ካፕሽኑ የጠየቀውን ጥያቄ አይጠይቅም። ካፕሽኑ «ክፍልፋይ እንዴት ይደመራል» ብሎ ስላይዱ «የሒሳብ ምሥጢሮች ክፍል 3» ካለ ሰው የተሳሳተ ቦታ የገባ ይመስለዋል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ካፕሽን በመነካካት አይድንም፤ ትምህርቱን ራሱን እንደገና እዩት።

ካፕሽን ከተለጠፈ በኋላም ይታረማል። ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። መስመሩንም ሃሽታጉንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። የቆየ ፖስት ላይ ከመድከም ደግሞ ያንኑ ትምህርት በሌላ ምሳሌ፣ 3/4 + 1/6 ይሁን፣ አዲስ ካሮሴል አድርጎ በተሻለ የመጀመሪያ መስመር መለጠፍ ይቀላል።

በዚያ ካሮሴል ሥር ኮሜንት ላይ አንድ ልጅ «ሲቀነስስ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ቀጣዩ የመጀመሪያ መስመራችሁ ተጽፎላችኋል፦ «ክፍልፋይ እንዴት ይቀነሳል?»